ለጋሼ ሽኝት ንግግሩን ከየት ልጀምር?

«ሰላም ለሁላችሁ። ከመሐል ሜዳ አካባቢ ነኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ መምህር 30 ዓመት አገልግለው ሰኔ ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ሽኝቱ ላይ በቀድሞ ተማሪዎች ስም ንግግር አድርግ ተብያለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ስንት ደቂቃስ ይበቃል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ርእሰ መምህሩ ጋ ሂድና በዕለቱ የሚያነበውን ወረቀት እንዲያሳይህ ጠይቀው። የአገልግሎት ታሪኩን የሚያነበው ትምህርት ቤቱ ነው። የት ተወለዱ፣ የት ሠለጠኑ፣ መቼ ተቀጠሩ፣ ወዴት ተዛወሩ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። አንተ ስትደግመው ሰው ስልኩን ያወጣል።

ሌላም ችግር አለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ሕዝቡ ለምዶ የሚሰማው ቀብር ላይ ነው። መምህሩ ደግሞ ፊት ለፊትህ ተቀምጠዋል። አንድ ሽኝት ላይ እንዲህ ሲነበብ የመምህሩ ታላቅ እህት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። ደስታ አልነበረም።

እኔም መምህር ነኝ። ደብረ ብርሃንም መንዝም ሠርቻለሁ፤ ሽኝት ሲኖር ከአዘጋጆቹ አንዱ እሆናለሁ። ከዚያ ያየሁትን ልንገርህ። ርእሰ መምህሩም ሆነ ከወረዳ የሚመጣው ሰው ሊናገሩት የማይችሉት አንድ ነገር አለ። በሩ ተዘግቶ፣ ልጆቹና ጋሼ ብቻ ሲቀሩ ክፍሉ ውስጥ ምን ይሆን እንደነበር። እሱን ያየኸው አንተ ነህ። የአንተ ንግግር ምስክርነት ነው።

አንተ ያየኸው ግን የአንድ ወይም የሁለት ዓመቱን ነው። ቀሪውን ከሰው ሰብስብ። «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ብለህ አትጠይቅ። «ታታሪ፣ ትጉህ፣ ሰው አክባሪ» ይሉሃል፤ እሱ ለማንኛውም መምህር ይባላል። «ጠዋት ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»፣ «ልጅ ሲቀር ምን ይላሉ?»፣ «ደብተር የሌለው ልጅ ሲመጣስ?» ብለህ ጠይቅ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማረ አንድ ሰው፣ አሁን እሳቸው ጋ ያለ አንድ ልጅ፣ አብሯቸው ፈረቃ የሠራ መምህርና የግቢውን ዘበኛ አነጋግር። ዘበኛው ማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ማን መጨረሻ እንደሚወጣ ያውቃል። በዕድሜ 20 ዓመት የሚራራቁ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ከነገሩህ ንግግርህ እሱ ነው። 30 ዓመቱን የሚያሳየው እንዲህ ያለ ሳይቋረጥ የኖረ ልማድ ነው።

አንድ የሰማሁትን ላሳይህ። መንዝ ውስጥ የአንድ የ1ኛ ክፍል መምህር ሽኝት ነው። ተናጋሪዋ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ አሁን ነርስ ናት። እንዲህ አለች፦

«ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጩን ታውቁታላችሁ። እርሳስ ጣታችን ውስጥ አይቆምም። ጋሼ ግን በዚህ ተቆጥተውን አያውቁም። ከክፍል ያስወጡንና ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ያስቀምጡናል። በእንጨት መሬቱ ላይ ፊደል ይጽፋሉ። እኛ በጣታችን አፈሩ ላይ እንከተላለን። እጃችን ሲሞቅ ወደ ክፍል እንገባለን። እኔ ‹ሀ›ን የጻፍኩት አፈር ላይ ነው። ባለፈው ኅዳር ልጄ ከትምህርት ቤት ጣቷ አፈር ሆኖ መጣች። ‹ምን ነካሽ?› አልኳት። ‹ጋሼ ፊደል አስጻፉን› አለችኝ።»

ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ብዙም አልጨመረችም። «ደግ ናቸው» አላለችም። ግን አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ጎልማሶች እርስ በርስ «እኛንም እኮ!» ይባባሉ ጀመር። ልጇ የነገረቻት ባይኖር ታሪኩ የድሮ ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። እናትና ልጅ አንድ ነገር ሲመሰክሩ ግን 30 ዓመት ስንት እንደሆነ ሰው በዓይኑ አየው።

የአንተም ጋሼ በ1987 ዓ.ም. ገደማ ከጀመሩ ይኼ ይሠራል። የዚያን ጊዜ 7 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ 37 ገደማ ነው፤ ልጁን ወደዚያው ክፍል ልኮ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ፈልግ። ዘመኑን መጥቀስ ከፈለግህ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በወጣ ማግስት ጠመኔ ጨበጡ፤ በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም እዚያው ሰሌዳ ፊት ነበሩ። ከዚያ በላይ ፖሊሲ አታውራ።

«ይህን ያህል ሺህ ተማሪ አፍርተዋል» ማለት ካማረህ ተጠንቀቅ። በዓመት 50 ልጅ ብለህ በ30 ብታባዛ 1500 ይመጣል። ግን ደጋሚ ሁለቴ ይቆጠራል፤ ከ1ኛ ወደ 2ኛ አብረዋቸው የሚያልፉ ልጆችም አሉ። ሪከርድ ክፍል ሄደህ ሮስተሩን እይ። በ2014ቱ ጦርነት ሰነዳቸው የጠፋባቸው ትምህርት ቤቶች በዞናችን አሉ። የእናንተም ከሆነ ቁጥሩን ተወው፤ በግምት ቁጥር መምህር አይከበርም።

አንድ ነገር አደራ። ጋሼ ደብተር የገዙለት ወይም ምሳቸውን ያካፈሉት ልጅ ታሪክ ያጋጥምሃል። ያ ልጅ ዛሬ አባወራ ሆኖ አዳራሹ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ እናቱም አጠገቡ። ድህነታቸውን በማይክ እንዳትነግርባቸው። አስቀድመህ ጠይቀው። «ተናገር» ካለህም ስሙን አትጥራ። ካመነታ ሌላ ታሪክ ፈልግ።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ «የተከበራችሁ የክብር እንግዶች» የሚለውን መድረክ መሪው ብሎታል። አንተ «ጋሼ፣ ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ» በልና በቀጥታ ታሪኩ ውስጥ ግባ። ስለ እሳቸው ለሕዝቡ ስትናገር «እሳቸው» በል። መጨረሻ ላይ ወደ እሳቸው ዞረህ «እርስዎ» በል። ያ መዞር ራሱ ብዙ ይሠራል፤ አንዴ ብቻ አድርገው። ርዝመቱ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ይብቃ። ቤት ውስጥ ድምፅህን አውጥተህ በስልክህ ሰዓት ለካው። በዓይን ሲነበብ አጭር የሚመስለው በአፍ ይረዝማል። ትንፋሽ ያሳጠረህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ቦታ ቁረጠው።

ስትጨርስ አንተ አትመርቅ። ምርቃት የሽማግሌ ነው። «ጋሼ፣ እኛን ይመርቁን» በልና ውረድ፤ ጉልበታቸውን ሳም። ጋቢ የምታለብሷቸው ከሆነ ያን ጊዜ ይልበሱ። እሳቸው ሲመርቁ ማይኩን የሚይዝላቸው ሰው ከወዲሁ መድቡ፤ በጋቢ ውስጥ ሆኖ ማይክ መያዝ አይመችም።

ሌላው የሰኔ ነገር ነው። ከቀትር በኋላ ዝናብ ይመጣል፤ አዳራሹ ቆርቆሮ ከሆነ አንዲት ቃል አትሰማም። ማይክም አያድንህም። ኮሚቴውን አሁኑኑ ለምነህ ፕሮግራሙን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አስይዝ፤ ንግግሮቹም ከምሳ በፊት ይለቁ።