ጥልፉ ለምን ቦታውን ለቀቀ?

«ጋሼ፣ ግራፊክስ ተምሬ ዘንድሮ ተመረቅኩ። ፒያሳ ያለ አንድ የዩኒፎርም ነጋዴ ለሙከራ የነጭ ፖሎ ፎቶ ሰጠኝና በ5 ቀለም ሥሪልኝ አለኝ። ለአንድ የኤአይ ምስል መሣሪያ ፕሮምፕት፣ ማለትም የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ሰጥቼ ሠራሁት። ቀለሙን ወደደው፤ ግን “ጥልፉ ቦታውን ለቋል” ብሎ መለሰልኝ። ሰኞ ድጋሚ አቀርባለሁ። ፕሮምፕቱን እንዴት ብጽፈው ይሻላል? ወይስ ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም?»

እህቴ፣ ነጩንና አረንጓዴውን ፋይል ትናንት ማታ ደራርቤ አየኋቸው። ሰውዬው ልክ ነው። «ቡቃያ» የሚለው ቀይ ጥልፍ ወደ አዝራሮቹ 21 ፒክስል ተጠግቷል። ደረቱ 52 ሴንቲሜትር ነው ብለሻል፤ ፎቶው ላይ 1820 ፒክስል ይዟል። ስለዚህ አንድ ሴንቲሜትር 35 ፒክስል ነው፣ ጥልፉም 6 ሚሊሜትር ሄዷል ማለት ነው። ለጓደኛሽ ብታሳያት ላታስተውለው ትችላለች። ዩኒፎርም የሚሸጥ ሰው ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

እሱ ያላየው ደግሞ አለ። አረንጓዴው ላይ የ«ቡ» የጎን ጭረት ጠፍታለች። ልብሱ «በቃያ» ይላል። እሱን ከማየቱ በፊት ስለመለሰልሽ አመስግኚው።

የጻፍሽው ፕሮምፕት መጥፎ አልነበረም። «ጥልፉን አትንካ» ብለሻል። ችግሩ እንዲህ ያለው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ «አለመንካት» የሚባል ነገር አለማወቁ ነው። ፎቶሽን ወስዶ ቀለሙን ብቻ አይቀባም። ሙሉውን ምስል አጭቆ ወደ ትንሽ የቁጥር ሰንጠረዥ ይቀይረዋል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይሥለዋል። በተለመዱት ሞዴሎች 8 በ8 ፒክስል የሆነ ቦታ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። አሁን ያንቺን ፎቶ እናስላ። ዋናው 3024 በ4032 ነው። የተመለሰልሽ 880 በ1184 ነው። 9 ሴንቲሜትሩ ጥልፍ ዋናው ላይ 315 ፒክስል ነበር፤ የተመለሰው ላይ 92 ገደማ ሆነ። ያ ደግሞ 11 ወይም 12 ሳጥን ነው። ለሦስት ፊደል ሲካፈል ለእያንዳንዱ 4 ሳጥን ያህል ይደርሰዋል። የ«ቡ» ጭረት አንድ ሳጥን እንኳ አትሞላም። መሣሪያው ያንን ቦታ ሲሥል እየገመተ ነው። የላቲን ፊደል ብዙ ስላየ ግምቱ ሊሳካለት ይችላል፤ በእኛ ፊደል ግን አንዲት ጭረት ስትጠፋ ቃሉ ሌላ ይሆናል።

መንሸራተቱ ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ከላይ ያልኩሽ ነው፤ እንደገና የተሣለ ነገር ትንሽ መሄዱ አይቀርም። ሁለተኛው የስፋትና የቁመት ምጣኔ ነው። 3024 ለ4032 ሲካፈል 0.75 ይመጣል። 880 ለ1184 ግን 0.743 ነው። ቁመቱን ወደ 4032 ብትመልሺው ስፋቱ 2997 ብቻ ይሆናል። 27 ፒክስል የት ሄደ? ወይ ጫፉ ተቆርጧል፣ ወይ ምስሉ ተጨምቋል። አንቺ ደግሞ በግድ ለጥጠሽ 3024 አደረግሽው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከማድረግሽ በፊት ዋናውን ፎቶ ኮፒ አድርጊና ከጎኑ ቆርጠሽ 2997 በ4032 አድርጊው። መሣሪያው የሚመልሰው በዚያ ምጣኔ ከሆነ የሚጎድል ነገር አይኖርም።

ሌላ ስህተትሽ፦ ወይን ጠጁን ያወጣሽው ከአረንጓዴው ነው፣ ሰማያዊውን ደግሞ ከወይን ጠጁ። በዚህ መንገድ አንዱ ጥፋት በሌላው ላይ ይደመራል። አምስተኛው ቀለም ላይ ስትደርሺ ፊደሉ ጭራሽ ላይነበብ ይችላል። ሁልጊዜ ከነጩ ተነሺ።

ፕሮምፕቱን ራሱ እንዲህ ብትጽፊው ይበቃል፦

```
Change only the fabric of the polo shirt from white to dark green.
Keep the chest embroidery, buttons, collar, folds and framing exactly as they are.
```

ሁለተኛው መስመር ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ሦስት መስመር ብትጨምሪበትም ያው ነው።

ታዲያ እኔ ብሆን እንዴት እሠራው ነበር? ከፕሮምፕቱ ቀለሙን ብቻ እወስዳለሁ። ቦታውን፣ ጥልፉን፣ እጥፋቱን ከዋናው ፎቶ አላንቀሳቅስም። ቤትሽ ፎቶሾፕ ከሌለ Photopea ይበቃሻል። ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ነፃ ነው፣ ፋይሉም ከኮምፒውተርሽ አይወጣም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ነጩን ፎቶ ከታች አስቀምጪ። ከላዩ አንድ ፎልደር ክፈቺና ብሌንዱን `Multiply` አድርጊው። ፎልደሩ ውስጥ አምስት ሌየር አስገቢ፤ እያንዳንዱ ባንድ ቀለም ብቻ የተሞላ ይሁን። ቀለሙን በጠብታው መሣሪያ ከፕሮምፕቱ ውጤት ላይ ውሰጂ። ስትወስጂ ግን ብርሃን በደንብ ያረፈበትን ጨርቅ ንኪ። ምክንያቱም ነጭ ጨርቅ ፎቶ ላይ ንጹህ ነጭ አይደለም። ከ255 ውስጥ 225 አካባቢ ሊሆን ይችላል። `Multiply` ደግሞ የላዩን ከታቹ ጋር ያባዛል። ስለዚህ የሚወጣው ቀለም ካሰብሽው 12 በመቶ ያህል ይጠቁራል። አንዱ ቀለም ጥቁር ከሆነ 0 እንዳታደርጊው። ዜሮ በምንም ቢባዛ ዜሮ ነው፤ እጥፋቱ ሁሉ ይጠፋና ልብሱ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ሦስቱንም ቁጥር 30 አካባቢ አድርጊ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ እሱም ቀለሙ የት እንደሚታይና የት እንደማይታይ የሚወስነው ማስክ ነው። ማስኩን አምስቱም ላይ አትሥሪ። አንዴ ብቻ ፎልደሩ ላይ ሥሪው። ጨርቁ ይግባ። ጀርባው፣ አዝራሮቹ፣ አንገት ውስጥ ያለው የመጠን ምልክትና ጥልፉ ይውጡ። ቀይ ክር በነጭ ላይ ስለሆነ በ`Magic Wand` መምረጡ ቀላል ነው። የ«ቃ»ን ሁለት ቀዳዳዎች ግን አትርሺ። እዚያ ውስጥ የሚታየው ጨርቅ ነው፣ ቀለም መግባት አለበት። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይያዛል፤ አረንጓዴ ልብስ ላይ ሁለት ነጭ ነጠብጣብ ትቶ ያስረክባል።

ከዚያ ጠርዙ አለ። በክሩና በጨርቁ ድንበር ላይ ያሉት ፒክስሎች ግማሽ ቀይ ግማሽ ነጭ ናቸው። እንዳሉ ከተዉ በፊደሉ ዙሪያ ፈዛዛ ሐምራዊ የመሰለ ቀለበት ይቀራል። መፍትሔው የፊደሉን ምርጫ በ`Contract` 1 ፒክስል ማጥበብ ነው። ቀለሙ ድንበሩን ይሸፍነዋል፣ ክሩ ጨርቁ ላይ የጣለው ጥላ ይመስላል። 2 ፒክስል ካጠበብሽ ግን የ«ቡ» ጭረት መቅጠን ትጀምራለች። አጉልተሽ እያየሽ ወስኚ።

በዚህ አሠራር ጥልፉ ሊንቀሳቀስ አይችልም፤ ያነሳው የለምና። አምስቱም ቀለም ላይ የሚታየው ያው የነጩ ፎቶ ጥልፍ ነው። ቀለም ለመቀየር አንዱን ሌየር ታጠፊና ሌላውን ታበሪያለሽ።

ድካሙ የት ላይ ነው ካልሽኝ፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር ላይ ነው። እውነተኛ ጥቁር ጨርቅ እጥፋቱ ጫፍ ላይ ትንሽ ያበራል፤ `Multiply` ያንን አይሰጥም። የፕሮምፕቱን ውጤት ከጎን ከፍተሽ እያየሽ በ`Curves` ብርሃኑን ቀስ እያልሽ አንሺ። ማሽኑ ጥሩ የሚያውቀው ይሄንን ነውና ተጠቀሚበት።

መፈተሻው አጭር ነው። አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በ`PNG` አውጪ። ደራርቢያቸውና የላዩን `Difference` አድርጊ። ያልተለወጠ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ጀርባው፣ አዝራሩና የፊደሎቹ ሆድ ድቅድቅ ጥቁር መሆን አለበት። በፊደሎቹ ዳር ድርብ መስመር ካየሽ የሆነ ነገር ተነቃንቋል። ፊት የሠራሽውን አረንጓዴ ከነጩ ጋር በዚህ መንገድ ብታይው ኖሮ ሰውዬው ከመንገሩ በፊት ታውቂው ነበር። በ`JPEG` አትፈትሺ፤ እሱ ራሱ ትናንሽ ነጠብጣብ ስለሚያመጣ ያደናግርሻል።

ይሄ መንገድ የሚሠራው ከነጭ ወይም ከፈዛዛ ልብስ ስትነሺ ነው። ነገ አንድ ሰው ጥቁር ልብስ አምጥቶ ነጭ አርጊልኝ ቢልሽ `Multiply` አያነጣልሽም። ያኔ ጨርቁን ከፕሮምፕቱ ውጤት መውሰድ ግድ ነው፤ ጥልፉን ብቻ ከዋናው ፎቶ በማስክ ትመልሺበታለሽ። ክሩም ነጭ ከሆነ አትጀምሪው። ነጭ ልብስ ላይ ክሩ ምን ቀለም ይሁን ብለሽ መጀመሪያ ጠይቂ። ያ የዲዛይን ውሳኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም።

ከዓመታት በፊት አንድ ማተሚያ ቤት ስሠራ ደንበኛው ባጸደቀው ፎቶ ላይ አርማው ከእውነተኛው ልብስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ለማሳመር ብዬ። ጠላፊው ፎቶውን ለክቶ ሠራው። ልብሱ ሲመጣ አርማው ኪሱ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ደንበኛው ፎቶውን ስልኩ ላይ አውጥቶ «እኔ እኮ ይሄን አይደለም ያዘዝኩት» አለ፣ እኛም ፎቶውን አይተን ዝም አልን። ያንቺ ነጋዴም ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ይለጥፈዋል፤ ደንበኛው ያንን ይዞ ይመጣል። በ6 ሚሊሜትር የመለሰልሽ ለዚህ ይመስለኛል።

«ለእኔ አይሆንም ወይ» ላልሽው፣ ሰውዬው ቀለሙን ወዷል። የመለሰልሽ አንድ ነገር ነው፣ ያ ነገር ደግሞ የሚታረም ነው። እውነት ለመናገር በፕሮምፕት ቀለም መቀየር ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ይሞክረዋል። እሱ ብቻ ከሆነ የሚከፍልሽ የለም። የሚከፈልሽ ምስሉ ሲመለስ «ቡ» አሁንም «ቡ» መሆኑን ስለምታረጋግጪ ነው።

ሰኞ ስትሄጂ አምስቱን ፎቶ ብቻ አትስጪው። ባለ ሌየሩን ፋይል ላፕቶፕሽ ላይ ክፈቺለት። ቀለሞቹን አንድ በአንድ አብሪና አጥፊ፤ ጥልፉ ሳይነቃነቅ ልብሱ ሲለዋወጥ በዓይኑ ይይ። ፕሮምፕት እንደተጠቀምሽ ከጠየቀሽ አትደብቂው፣ ለምን ቀለም ብቻ እንደወሰድሽበት ንገሪው። ከመውጣትሽ በፊት ደግሞ የአምስቱን ጨርቅ ቁራጭ እንዲያሳይሽ ጠይቂ። ያንቺ ወይን ጠጅና የሱ መጋዘን ውስጥ ያለው ወይን ጠጅ አንድ መሆናቸውን እስካሁን ማንም አላየም።