ቲኬቱ ከመነሻው ቀን በፊት ያደርሳታል

«እህቴ ከቶኪዮ ወደ ሆኖሉሉ ረቡዕ 00:30 ትነሣና ማክሰኞ 12:30 ትደርሳለች ይላል። ቲኬቱ ተሳስቶ ይሆን? ከኮምቦልቻ።»

አብሽር፣ ቲኬቱ ትክክል ነው። ሁለቱም ሰዓቶች የተጻፉት በየከተማው አቆጣጠር ነው። ቶኪዮ ሆኖሉሉን በ19 ሰዓት ትቀድማለች። እንዲህ አስላው፦

1. ከመነሻው 19 ሰዓት ቀንስ። ቶኪዮ ረቡዕ 00:30 ሲል ሆኖሉሉ ገና ማክሰኞ 05:30 ነው።
2. በረራው የሚፈጀውን 7 ሰዓት ደምር፤ ማክሰኞ 12:30 ይመጣል።

ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለሰው አውሮፕላኑ በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለውን የቀን መለወጫ መስመር ወደ ምሥራቅ ስለሚሻገር ነው። ስትመለስ ግን ወደ ምዕራብ ስለምትሻገር አንድ ቀን ይዘላል፦ ማክሰኞ 12:00 ተነሥታ 8 ሰዓት ተኩል ብትበር፣ ቶኪዮ የምትገባው ረቡዕ 15:30 ነው። ሆቴሉን በመነሻው ሳይሆን በመድረሻው ቀን ያዙ።

ሰው የሚሳሳተው ግን መነሻው ላይ ነው። ቲኬት ቀኑን የሚለውጠው በእኩለ ሌሊት ስለሆነ 00:30 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ሌሊት ገና የማክሰኞ ነው የምንለው። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኤርፖርት ትገኝ። ረቡዕ ማታ ከሄደች አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው።