ለሒሳብ ክፍል ሁለተኛ ሞኒተር ስትጠይቁ

ውድ ወጣቶች፣

በፋይናንስ ኃላፊነት በሠራሁባቸው ዓመታት ከአስተዳደር ኃላፊዎች ብዙ የግዢ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ከእነዚህም መካከል ለሒሳብ ሠራተኞች ሁለተኛ ሞኒተር ይገዛልን የሚለው ተደጋግሞ የሚመጣ፣ ተደጋግሞም «በጀት ሲፈቅድ ይታያል» ተብሎ የሚመለስ ነበር። ጥያቄው ትክክል ሆኖ ሳለ የሚመለሰው ደብዳቤው «ሥራውን ያቀላጥፋል» ከማለት ስለማያልፍ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው ሠራተኛው በቀን ሃያ ደቂቃ ይቆጥባል ብትሉት ያምናችኋል፤ ነገር ግን ደመወዙ በዚያው መጠን እንደማይቀንስ ስለሚያውቅ ገንዘቡን አይለቅም። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሚታይ ወጪ ፈልጉለት። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ይህ ወጪ አብዛኛውን ጊዜ በወር መዝጊያ የሚከፈለው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው።

የባንክ ማስታረቅ የሚሠራ ሰው አጠገብ ለአንድ ሰዓት ተቀመጡና ተመልከቱ። የባንኩን ስቴትመንት ይከፍታል፣ አንድ የቼክ ቁጥርና የገንዘብ መጠን ይይዛል፣ ከዚያም ስቴትመንቱን ዝቅ አድርጎ ፒችትሪ ውስጥ ሌጀሩን ይፈልጋል፤ ሌጀሩን ሲያገኝ ቁጥሩን ይጠራጠርና ተመልሶ ያያል። ብዙዎቹ ይህ ሲሰለቻቸው ስቴትመንቱን በወረቀት ያትሙታል። በጠረጴዛው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት የተደረገባቸው ወረቀቶች ተከምረው ካያችሁ ሁለተኛው ስክሪን አስቀድሞ በወረቀት መልክ አለ ማለት ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት ከግምጃ ቤት ሥራ ፈት ሞኒተር ካለ ለአንድ ሠራተኛ ለአንድ ወር አውጡለትና የትርፍ ሰዓቱን ካለፉት ወራት ጋር አወዳድሩ፤ ሰኔን ከሌላ ወር ጋር አታወዳድሩ፣ የዓመት መዝጊያ ሥራ ውጤቱን ያዛባዋልና።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። የሠራተኛው ደመወዝ 20,800 ብር፣ የወሩ መደበኛ የሥራ ሰዓት 208 ቢሆን የአንድ ሰዓት ክፍያው 100 ብር ነው። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የቀኑ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ስለሚባዛ 150 ብር ይሆናል። በሙከራው ወር ትርፍ ሰዓቱ ከ14 ወደ 8 ከወረደ 900 ብር ተረፈ። የሞኒተሩ ዋጋ 16,000 ብር ቢሆን 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 18,400 ብር ይከፈላል፤ ድርጅቱ የቫት ተመዝጋቢ ከሆነና ሕጋዊ ደረሰኝ ካለው ግን 2,400 ብሩን ያቀናንሰዋል። ስለዚህ 16,000 ብሩ በአሥራ ስምንት ወር ገደማ ይመለሳል። ሞኒተሩ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደ ቋሚ ንብረት ሲመዘገብ እርጅናው በዓመት 20 በመቶ፣ ማለትም በአምስት ዓመት የሚሰላ በመሆኑ አሥራ ስምንት ወር ለመከላከል የሚያስቸግር ቁጥር አይደለም። ትርፍ ሰዓት የማይከፈልበት መሥሪያ ቤት ከሆነ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ያን ጊዜ የዘገየውን የወር ሪፖርት በቀናት ቆጥራችሁ አቅርቡ።

ለሁሉም አትጠይቁ። ገንዘብ ያዡ አንድ መዝገብ ይዞ ስለሚውል ሁለተኛ ስክሪን ብዙም አይጠቅመውም፤ አምስት ሠራተኞች ካሉ ማስታረቅ፣ የግዢ ሰነድ ምዝገባና የግብር ማሳወቂያ የሚሠሩትን ሦስቱን መርጣችሁ ብትጽፉ አስባችሁበት እንደጠየቃችሁ ይታወቃል።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ዋናው ሐሳብ እንዲህ ቢቀመጥ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ ለሒሳብ ክፍል የሦስት ሞኒተሮች ግዢ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

በአንድ ሠራተኛ ላይ ለአንድ ወር ባደረግነው ሙከራ የወር መዝጊያው ትርፍ ሰዓት ከ14 ወደ 8 ሰዓት መውረዱን ከተያያዘው የሰዓት መቆጣጠሪያ መረዳት ይቻላል። በመሆኑም ቫትን ጨምሮ ብር 55,200 ከቋሚ ንብረት በጀት እንዲፈቀድልን እየጠየቅን፣ ሦስት ፕሮፎርማ አያይዘን ማቅረባችንን በአክብሮት እንገልጻለን።»

ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት ግን የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ጀርባ እዩ። አሮጌዎቹ አንዳንዶቹ አንድ ቪጂኤ ብቻ አላቸው፤ የግራፊክስ ካርድ የተጨመረላቸው ደግሞ የቦርዱ መሰኪያ ላይሠራ ስለሚችል ሁለቱም ገመዶች ካርዱ ላይ መሰካት ይኖርባቸዋል። የሚያስፈልገው ገመድ ወይም መቀየሪያ በዚያው ጥያቄ ውስጥ ይግባ፤ ሞኒተሩ ደርሶ ስለ ገመድ ሌላ ደብዳቤ መጻፍ የፋይናንስ ኃላፊን ያስቆጣል፣ እኔንም አስቆጥቶኛል። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ሁለተኛው ሞኒተር ከዩፒኤሱ ባትሪ ላይ ከተሰካ ሥራን ሴቭ ለማድረግ የሚተርፈው ጊዜ ስለሚያጥር፣ ባትሪ በማይደግፈው መሰኪያ ላይ ማድረጉ ይሻላል።

ኃላፊው ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ከፈቀደ፣ የመጀመሪያው ማስታረቅ ለሚሠራው፣ ሁለተኛው ግብር ለሚያሳውቀው ይሰጥ። ሲገጠምም Windows + P ተጭናችሁ Extend መመረጡን አረጋግጡ፤ Duplicate ላይ ከቆየ ሁለቱም ስክሪን አንድ ነገር ያሳያል።