የሱቅ ኪራይ ውል ላይ ከመፈረምሽ በፊት የሚቀየሩ መስመሮች

«ሰላም ቤተሰብ። ቱሉ ዲምቱ ላይ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶኮፒ ሱቅ ልከፍት ነው። ባለቤቱ አንድ ገጽ ውል አመጡልኝ። ‹ዘመኑ 2 ዓመት። ኪራይ በወር 12,000፣ በየ3 ወሩ በቅድሚያ። ቀብድ 24,000። ማንኛውም ጥገና በተከራይ። አከራይ ሲፈልግ በ1 ወር ማስታወቂያ ያስለቅቃል› ይላል። ልፈርም ወይስ የማስቀይረው አለ? እህታችሁን ምከሩኝ።»

እህቴ፣ እንዳለ አትፈርሚው። እኔ ጎሮ አካባቢ ስድስት ዓመት ሱቅ ተከራይቼ ሠርቻለሁ። ከጻፍሻቸው መስመሮች ሁለቱ እኔም ውል ላይ ነበሩ፤ ሁለቱም ገንዘብ አስወጥተውኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። ብዙ ሰው «አዲሱ የኪራይ አዋጅ ይጠብቅሻል» ይልሻል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለመኖሪያ ቤት ነው። ሱቅ እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ አንቺን በዋናነት የሚጠብቅሽ የምትፈርሚበት ወረቀት ነው፤ እሱ ዝም ባለበት ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ።

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ የመጨረሻው መስመር ነው። «አከራይ ሲፈልግ በ1 ወር ያስለቅቃል» ከተባለ ከላይ የተጻፈው 2 ዓመት ትርጉም የለውም። በእጅሽ ያለው የ1 ወር ውል ነው። አንቺ ደግሞ መደርደሪያ ታሠሪያለሽ፣ ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ታፔላ ትሰቅያለሽ፣ ደንበኛ ታለምጃለሽ። ሠፈሩ ሞቅ ሲል ሌላ ሰው 18,000 ይዞ ይመጣል። ያኔ በአንድ ወር ውጪ ትባያለሽ። ይህን መስመር አስወጪና እንዲህ አስገቢ፦

«አከራይ የውሉ ዘመን ሳያልቅ ውሉን ማቋረጥ የሚችለው ኪራይ ሳይከፈል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠ በኋላ 15 ቀን ካለፈ፣ ሱቁ ከተስማሙበት ሥራ ውጪ ከዋለ፣ ወይም ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ሰው ከተከራየ ብቻ ነው። በሌላ ምክንያት ካስለቀቀ የ90 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ይሰጣል፤ በተጨማሪም የ3 ወር ኪራይ ካሳ ይከፍላል። ተከራይ የ60 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ በመስጠት ውሉን ማቋረጥ ይችላል።»

ባለቤቱ «ካሳ ለምን?» ይሉሽ ይሆናል። በቅንነት ንገሪያቸው፤ ለመደርደሪያና ለቀለም የምታወጪውን ገንዘብ አስቢላቸው። ለማስለቀቅ ሐሳቡ ከሌላቸው መስመሩ አንድ ብር አያስወጣቸውም። በካሳው መጠን ላይ ተደራደሪ፤ ወደ 2 ወር ቢወርድም ይሁን። ካሳ የሚለው ቃል ግን አይውጣ። ቤቱን ቢሸጡትስ? ለእሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ «አከራይ ቤቱን ቢሸጥ ገዢው ይህን ውል እንዲቀጥል ያደርጋል፤ ገዢው ካልቀጠለ ከላይ የተጻፈውን ካሳ አከራይ ይከፍላል።»

እኛ ዳር ላይ ያለን ሰዎች ሌላም ስጋት አለብን። መንገድ ይሰፋል፣ ልማት ይመጣል፣ ቤት ይፈርሳል። ይህ የባለቤቱ ጥፋት ስላልሆነ ካሳ መጠየቅ ይከብዳል። የከፈልሽው ቅድሚያ ግን መመለስ አለበት። «ቤቱ በመንግሥት ውሳኔ ከፈረሰ ወይም ከተወሰደ፣ ያልተሠራበት ቀን ኪራይ በወር 30 ቀን ሒሳብ ተሰልቶ ከመያዣው ጋር በ10 ቀን ውስጥ ይመለሳል» ይባል። በአንቺ ቁጥር እንየው። ለ3 ወር 36,000 ከፍለሻል። ቤቱ በ40ኛው ቀን ፈረሰ እንበል። 12,000 ለ30 ሲካፈል የቀኑ ኪራይ 400 ብር ነው። 50 ቀን ይቀርሻል፤ ይህ 20,000 ነው። ውልሽ «ቀብድ» ከሚለው ከመያዣው 24,000 ጋር 44,000 ትቀበያለሽ። ቀመሩ ካልተጻፈ ግን «የተከፈለ ኪራይ አይመለስም» ትባያለሽ። የጎረቤቴ ባለ ሱቅ የሰማው መልስ ይኸው ነበር።

አሁን ወደ ጥገናው። የእኔ ውልም «ማንኛውም ጥገና በተከራይ» ይል ነበር። ስፈርም አምፖልና የበር ቁልፍ መስሎኝ ነበር። በ2013 ሐምሌ ላይ ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ከመደርደሪያው በላይ ያለው ቆርቆሮ ዝጎ ተበስቷል። ማታ ዘግቼ ሄድኩ፣ ጠዋት ስከፍት ስኳሩና ዱቄቱ ረጥቧል። አከራይዋ ጋ ስሄድ ውሉን አውጥተው «ልጄ፣ ማንኛውም ይላል እኮ» አሉኝ። የሚያስከራክር አልነበረም። ቆርቆሮውን በራሴ ገንዘብ ቀየርኩ። ከሱቁ ስወጣ ቆርቆሮው እዚያው ቀረ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በመርሑ ከአጠቃቀም የሚመጣውን ትንንሽ ጥገና ለተከራይ፣ ዋና ዋናውን ለአከራይ ይተወዋል። «ማንኛውም» ብለሽ ከፈረምሽ ግን ይህን ጥበቃ በገዛ እጅሽ ሰጥተሻል። ስለዚህ የቤቱ ክፍሎች በስማቸው ይጠሩ፦

«የጣሪያ፣ የግድግዳ፣ የወለል፣ የዋናው የመብራት መስመርና የፍሳሽ ጥገና የአከራይ ነው። ተከራይ በአጠቃቀም የሚበላሹትን አምፖል፣ ሶኬት፣ የበር ቁልፍና መስታወት ያስጠግናል። አከራይ ብልሽቱ በጽሑፍ ከተነገረበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ ካላስጠገነ፣ ተከራይ በደረሰኝ አስጠግኖ ወጪውን ከሚቀጥለው ኪራይ ይቀንሳል። በጽሑፍ ማለት በስልክ የተላከ የጽሑፍ መልእክትንም ይጨምራል።»

ትልቁ ጉልበት ያለው «ከሚቀጥለው ኪራይ ይቀንሳል» የሚለው ላይ ነው። ጣሪያው ፈሰሰ፣ መልእክት ላክሽ፣ 7 ቀን አለፈ፣ በ9,600 ብር አስጠገንሽ እንበል። ለሚቀጥለው 3 ወር 36,000 መክፈል ሲገባሽ 26,400 ትከፍያለሽ። ደረሰኙን አያይዘሽ ትሰጫቸዋለሽ። ያለዚህ መስመር ግን በራስሽ ፈቃድ ኪራይ ከቀነስሽ ኪራይ እንዳጎደልሽ ይቆጠርብሻል።

አንቺ ፎቶኮፒ ስለምትሠሪ መብራቱን ከመፈረምሽ በፊት እዪው። ማሽኑ ሲሞቅ ብዙ ይስባል። በብዙ ቤት ሱቁና ግቢው አንድ ቆጣሪ ላይ ናቸው፤ ወሩ ሲያልቅ «ያንቺ ማሽን ነው የበላው» ይባላል። ለሱቁ ብቻ የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ ይገጠም፤ ማን እንደሚከፍልላትም ይጻፍ። የመጀመሪያው ቀን ንባብ ውሉ ላይ ይስፈር።

«ቀብድ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል፤ ግን አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የራሱ ትርጉም አለው። የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሱቅ ስትለቂ የምትጠይቂው ገንዘብ ይህ አይደለም። የአንቺው መያዣ ነው። ጭቅጭቅ ከመጣ ባለቤቱ «ቀብድ ነው፣ ውሉን ራስሽ ተውሽ» እንዳይሉሽ ቃሉን አስቀይሪ፦

«ለመያዣ 24,000 (ሃያ አራት ሺህ) ብር ተሰጥቷል። ይህ ገንዘብ ቀብድም ቅድሚያ ኪራይም አይደለም። አከራይ ቁልፉን በተረከበ በ10 ቀን ውስጥ ይመልሳል። ከመያዣው የሚቀነሰው ያልተከፈለ ኪራይ፣ ያልተከፈለ የመብራትና የውኃ ሒሳብ፣ እና በርክክብ ሰነዱ ላይ ያልነበረ ጉዳት ብቻ ነው፤ ለጉዳት ጥገና ደረሰኝ ይቀርባል። በእርጅናና በአግባቡ በመጠቀም የመጣ መጎዳት አይቀነስም።»

የርክክብ ሰነድ ማለት አንድ ወረቀት ነው። ግድግዳው የት ተሰንጥቋል፣ በሩ እንዴት ይዘጋል፣ ስንት ሶኬት አለ፣ ቆጣሪው ስንት ይላል። ሁለታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። ፎቶም አንሺ፣ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ላኪላቸው። እኔ ይህን አላደረግኩም። ስወጣ «ግድግዳውን በስተሽዋል፣ ቀለሙ ቆሽሿል» ተብሎ ከመያዣዬ ግማሹ ቀረ። ቀዳዳዎቹ ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ የተዋቸው ነበሩ፤ ማስረጃ ግን አልነበረኝም።

ኪራዩ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። «በ2ቱ ዓመት ውስጥ አይጨምርም» ይባል፤ ጭማሪ የግድ ከሆነ ከ2ኛው ዓመት ጀምሮ ስንት ከመቶ እንደሆነ በቁጥር ይጻፍ። በባንክ ክፈይ። ጳጉሜንን አትርሺ፤ «ለጳጉሜን ቀናት የተለየ ኪራይ አይከፈልም» የምትል አንዲት መስመር በየዓመቱ የሚነሳ ክርክር ታስቀራለች። የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን በቀን፣ በወርና በዓመተ ምሕረት ይጻፍ። ሲያልቅ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉ፤ በዝምታ የቀጠለ ውል ጊዜ እንዳልተወሰነለት ሊቆጠር ይችላል። «ከማለቁ 60 ቀን በፊት ስለ እድሳቱ በጽሑፍ ይነጋገራሉ» በሉ።

አንድ ነገር በጣም እለምንሻለሁ። ባለቤቱ «ሰነዶች ማረጋገጫ ጋ 5,000 ብለን እንጻፍ፣ ቀሪውን በእጅ» ካሉሽ እሺ አትበይ። ግብር ለመቀነስ ብዙዎች ይጠይቃሉ። ነገ በቀን ተሰልቶ ይመለስ ስትይ ሒሳቡ የሚሠራው በተጻፈው ኪራይ ነው። ከላይ 20,000 ያልነው 50 ቀን በ5,000 ኪራይ 8,333 ብር ገደማ ይሆናል። የ3 ወሩ ካሳም ከ36,000 ወደ 15,000 ይወርዳል። የንግድ ፈቃድሽም የሚያያዘው ከዚሁ ውል ጋር ነው።

ስትሄጂ የቤቱን ካርታና የባለቤቱን መታወቂያ እዪ፤ ስሙ አንድ መሆኑን አመሳክሪ። ባለትዳር ከሆኑ የትዳር ጓደኛቸውም ይፈርሙ፤ የጋራ ቤት ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ወኪል ከመጣ ውክልናው ማከራየትን በግልጽ ይጥቀስ።

ሁሉንም ላይቀበሉሽ ይችላሉ። የጳጉሜኑንና የእድሳቱን ብትለቂላቸው ግድ የለም። ማስለቀቂያውን፣ ጥገናውንና «ቀብድ» የሚለውን ቃል ካልቀየሩ ግን፣ እኔ ብሆን ሌላ ሱቅ እፈልጋለሁ።