24 በመቶው ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

የነጋዴ ሒሳብ ስዘጋ ዓመታት ቆጥሬያለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝን እነሆ።

የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፣ ፒያሳ። አምናም ዘንድሮም 600 ሺህ አተረፍኩ፣ ካፒታሌ 2.5 ሚሊዮን ነው። ሁለቱም ዓመት 24 በመቶ። ታዲያ ብሩ የት ይገባል?

ጋሼ፣ የላኩልኝን ሒሳብ ለሦስት ከፍዬ አየሁት። አምና 6 ሚሊዮን ሸጠዋል፤ ከ100 ብር ሽያጭ 10 ብር ቀርቶልዎታል፣ ማርጂን የምንለው ይህንን ነው። ስቶኩ፣ ዱቤው፣ ሁሉም ሀብት ተደምሮ 4 ሚሊዮን ነበር፤ ስለዚህ በዓመት 1.5 ጊዜ ዞሯል። ይህ ሀብት ደግሞ የካፒታልዎ 1.6 እጥፍ ነው። ሲባዛ፦

10% × 1.5 × 1.6 = 24%

ዘንድሮ ሽያጩ 7.5 ሚሊዮን ደረሰ፣ ሀብቱም 6 ሚሊዮን ሆነ።

8% × 1.25 × 2.4 = 24%

ማርጂኑም ዙሩም ወርደዋል። 24ቱን ደግፎ ያቆመው ብድር ብቻ ነው፤ ዕዳዎ ከ1.5 ወደ 3.5 ሚሊዮን አድጓል። ሽያጩ በሩብ ሲያድግ ሀብቱ በግማሽ አደገ። ብሩ እዚያ ነው ያለው፦ ወይ መጋዘን የተኛ ቆርቆሮ ነው፣ ወይ ያልተሰበሰበ ዱቤ። መጀመሪያ የዱቤ መዝገቡን ይክፈቱ።

ብድር ሲጨምር የካፒታል ትርፍ ያድጋል ብለን ነው የተማርነው። ምን ጥፋት አለው?

ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። የሚያድገው ብድሩ ከወለዱ በላይ ካመጣ ነው። የጋሼ ተጨማሪ 2 ሚሊዮን ብድር ግን ትርፉን በአንድ ብር እንኳ አልጨመረም። ወለዱ ራሱ ከትርፍ ስለሚቀነስ ማርጂኑንም ይበላዋል። ስለዚህ ማርጂኑን ከወለድ በፊትም ማስላት ያስፈልጋል። እሱ ካልወረደ ጣጣው የባንኩ ነው፤ ከወረደ ግን የመሸጫው ዋጋ ወይም ወጪው ነው። የወለዱን ወረቀት ስላላየሁ ለጊዜው አልፈርድም።

እኔ ብድር የለኝም። ስኳርና ዘይት አከፋፍላለሁ፣ ከ100 ብር 3 ብር ብቻ ይቀረኛል። ዋጋ ልጨምር?

አብሽሪ እህቴ፣ 3 ብር ብቻውን አያስደነግጥም። ሀብትሽ በዓመት 10 ጊዜ ከዞረ ያለ ብድር 30 በመቶ ነው። ዋጋ ጨምረሽ 4 ብር ቢቀርሽና ደንበኛ ሸሽቶ ዙሩ 7 ላይ ቢወርድ 28 ይሆናል። ለአንቺ ዋናው ዕቃው መደርደሪያ ላይ ስንት ቀን እንደሚቆይ ነው። በዱቤ መስጠት ከጀመርሽ ግን ዙሩ ሳታውቂው ይወርዳል።

ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት አለኝ፣ ግቢው የራሴ። መዝገብ ላይ ያለው የድሮ ዋጋው ነው። ዙሬ 4 ነው፣ ቤት ተከራይቶ የሚሠራውን ጎረቤቴን እንኳ እበልጣለሁ። ጎበዝ ነኝ ማለት ነው?

ቸኮሉ። ግቢው በድሮ ዋጋ ስለተመዘገበ ሀብቱ ትንሽ ይመስላል፣ ዙሩም ያለ ልኩ ያብጣል። በዛሬ ዋጋ ቢገመት ሀብቱም ካፒታሉም ያድጋሉ፤ ያኔ 4 የሚሉት ዙርም የካፒታሉ ትርፍም አብረው ይወርዳሉ። ከተከራይ ጋር ለመወዳደር ደግሞ ለግቢዎ ኪራይ እንደሚከፍሉ አድርገው ከትርፉ ይቀንሱ። እኔ ሁለቱንም አስልቼ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የትኛውን እንመን በሚለው ግን ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም።