አልቤንዳዞል በጎች ላይ አልሠራ ሲል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ኮሶ ታየኝና ሐኪም ፕራዚኳንቴል አዘዘልኝ። ዋጥኩት፤ ግን እናቴ እንደምትለው ተጠቅልሎ ሲወጣ አላየሁም። ጭንቅላቱ ውስጤ ቀርቶ ይሆን?» (ከካዛንቺስ)

እናትዎ የሚያስታውሱት የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ የሚጠጣበትን ዘመን ነው። እሱ ሆድ እያጠበ ትሉን በቁመቱ ያስወጣ ነበር። የፕራዚኳንቴል አሠራር ሌላ ነው። በትሉ ሴሎች ላይ ካልሲየም የሚያስገባ መተላለፊያ አለ፤ መድኃኒቱ ይህን መተላለፊያ ይከፍተዋል። ካልሲየም በብዛት ሲገባ የትሉ ጡንቻ ጭምድድ ብሎ ይቀራል፣ ቆዳውም ይቆሳስላል። መድኃኒቱ ለዐሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ፣ ይህ መተላለፊያ በቢልሃርዚያ ትል ላይ ተለይቶ የታወቀው ገና በ2019 ነው።

ኮሶ አፍም አንጀትም የለውም፤ የሚመገበው በቆዳው ነው። አንጀታችን ውስጥ እንደ ሥጋ ሳይፈጭ የሚኖረውም ያው ቆዳ ስለሚከላከልለት ነው። ቆዳው ከቆሰለ በኋላ ትሉ በገዛ አንጀትዎ ይፈጫል፤ የሚወጣውም ተበጣጥሶ ስለሆነ አለማየትዎ ምንም አይደለም። ጭንቅላቱ ተርፎ ከሆነ እንደገና አድጎ ቁርጥራጭ ለመጣል ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ ሰገራዎን ይመርመሩ። እስከዚያ ጥሬ ሥጋ ከበሉ ግን ምርመራው አሮጌውን ከአዲሱ አይለይልዎትም።

«ፕራዚኳንቴል ትሉን ወዲያው ከያዘው አልቤንዳዞል ለምን ቀናት ይፈጅበታል? ትሉን የሚገድልስ እኛን ለምን አይገድልም?» (የፋርማሲ ተማሪ፣ ልደታ)

አልቤንዳዞል፣ ሜቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቤንዚሚዳዞል ይባላሉ። ጡንቻን አይነኩም። የሚይዙት ቤታ ቱቡሊን የሚባለውን ፕሮቲን ነው። ቱቡሊን እየተቀጣጠለ በሴሉ ውስጥ ማይክሮቱቡል የሚባሉ ቀጫጭን ቱቦዎችን ይሠራል፤ እነዚህ ቱቦዎች ሴሉ ዕቃውን የሚያመላልስባቸው ሐዲዶች ናቸው በሉት። ሐዲዱ በየጊዜው በአንድ ጫፉ ይፈርሳል፣ በሌላው ይቀጠላል። መድኃኒቱ መቀጠሉን ይከለክላል፤ መፍረሱ ግን አይቆምም። በመጨረሻ የትሉ የአንጀት ሴሎች ባዶ ይቀራሉ፣ ስኳር መውሰድ ያቅታቸዋል፣ ትሉም የቋጠረውን ጨርሶ በረሃብ ይሞታል። ረሃብ ደግሞ ቀን ይፈልጋል።

እኛም ቱቡሊን አለን። መድኃኒቱ ግን የትሉን አጥብቆ ሲይዝ የእኛን ቶሎ ይለቀዋል። ልዩነቱ የመጠን እንጂ ፍጹም አይደለም፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ለሴትም ለእንስሳም እንዳይሰጥ የሚባለው በፍጥነት የሚከፋፈሉት የፅንስ ሴሎች ይህን ሐዲድ አጥብቀው ስለሚፈልጉት ነው።

«ሱሉልታ አሥራ ስምንት በጎች አሉኝ። በየሦስት ወሩ ሁሉንም አልቤንዳዞል እሰጣለሁ። ዘንድሮ ከሰጠሁ በኋላም ሁለቱ መንጋጋቸው ሥር አበጠ። የሸጠልኝ ሰው ትሉ ለምዶታል ይላል፣ ወንድሜ ደግሞ መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል። ማን ልክ ነው?» (ከአራት ኪሎ)

ይህ በክርክር አይፈታም፤ መቁጠር ይፈልጋል። ናሙና ይዘው ፒያሳ ድረስ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ሂደቱን ለሌሎችም እንዲጠቅም ልጻፈው።

መጀመሪያ ከዐሥር በጎች ትኩስ ዓይነ ምድር ከፊንጢጣ በጓንት ወሰድን። መሬት ላይ የወደቀ አይሆንም፤ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሲውልም እንቁላሉ ይፈለፈላል። 4 ግራም ናሙና በ56 ሚሊ ሊትር ጨው በጠገበ ውኃ ተበጥብጦ ይጠለልና፣ ማክማስተር በሚባለው ባለ ሁለት ክፍል መስታወት ይገባል። እንቁላሉ ከጨው ውኃው ስለሚቀል ተንሳፍፎ መስታወቱ ላይ ከተሰመሩት መስመሮች ሥር ይሰበሰባል። በሁለቱ ክፍሎች የታየው እያንዳንዱ እንቁላል በአንድ ግራም 50 እንቁላል ማለት ነው። የዐሥሩ በጎች አማካይ 840 ሆነ።

ቀጥሎ የወንድምዎን ጥርጣሬ ለማስወገድ መድኃኒቱ ከሌላ ቤት፣ ማኅተሙ ያልተነካ ተገዛ። የሻጩን አባባል ለመፈተን ደግሞ በጎቹ በሚዛን ተመዘኑ። በዓይን ግምት «ሃያ አምስት ኪሎ» የተባለው ትልቁ በግ 34 ኪሎ ወጣ። መጠኑ ለሆድ ትል በኪሎ 5 ሚሊግራም ነውና ለእሱ 170 ሚሊግራም ያስፈልገዋል፤ በግምቱ ቢሆን 125 ብቻ ያገኝ ነበር። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዐሥራ አራት ቀን በኋላ የዚያው ዐሥር በጎች አማካይ 310 ሆነ። ቅናሹ 63 በመቶ ነው። የሚሠራ ቤንዚሚዳዞል ቢያንስ 95 በመቶ ማውረድ አለበት። ከዐሥር ቀን በፊት ቢቆጠር መድኃኒቱ የተረፉትን ሴት ትሎች ለጥቂት ቀን እንቁላል ከመጣል ስለሚያግዳቸው ሁሉም የሞተ ይመስላል፤ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ደግሞ ከሣር የተበሉ አዲስ እጮች አድገው እንቁላል ይጀምሩና ቁጥሩን ያበላሹታል። መድኃኒቱ ደህና፣ መጠኑ ልክ፣ ቀኑም ልክ ስለነበር ሻጩ ልክ ነው።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። የመንጋጋ ሥር እብጠት የጉበት ትልም ያመጣል፤ ሱሉልታ ደግሞ ረግረግ ያለበት አገር ነው። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በጨው ውኃ አይንሳፈፍም፤ በማዝቀጥ ለብቻው ተፈልጎ አልተገኘም። ናሙናው እንቁላሉ እጭ እስኪሆን ሲቆይ ደግሞ አብዛኛው ሄሞንከስ ሆነ፤ በአራተኛው የሆድ ክፍል ተጣብቆ ደም የሚመጠው ትል። የሁለቱ በጎች የዓይን ሽፋን ውስጡ ነጭ ሆኖ የነበረውም ለዚሁ ነው።

ትሉ መድኃኒቱን መልመዱ ከየት መጣ ለሚሉኝ፤ አንዲት የሄሞንከስ ሴት በቀን ከ5,000 እስከ 10,000 እንቁላል ትጥላለች። በአንድ በግ 500 ሴት ትሎች ቢኖሩ በቀን ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ያላነሰ እንቁላል ሜዳ ላይ ይወድቃል። በዚህ ብዛት መካከል በቤታ ቱቡሊን ጂን ላይ አንዲት ፊደል የተለወጠችበት ትል አይጠፋም። በጣም የታወቀው ለውጥ በፕሮቲኑ 200ኛ ቦታ ላይ ያለው ፊኒልአላኒን በታይሮሲን መተካቱ ነው። ሐዲዱ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ መድኃኒቱ ብቻ መያዣ ያጣል። መድኃኒቱ ይህን ለውጥ አልፈጠረውም፤ ሌሎቹን ገድሎ ሜዳውን ለቀቀለት። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት ታያቤንዳዞል በ1961 ወጥቶ፣ በ1964 አሜሪካ ውስጥ በበግ ሄሞንከስ ላይ እንደማይሠራ ተጻፈ። በእኔ ግምት ከዚያ ወዲህ የሚገርመው ትሉ ሳይሆን ሰዉ ሁሌ ፎርጅድ ነው ማለቱ ነው።

«ከበጎቹ ጋር ፍየሎችም አሉኝ፤ ለበግ የምሰጠውን ነው የምሰጣቸው። ምን አለበት?» (ከስድስት ኪሎ)

ብዙ አለበት። ፍየል አልቤንዳዞልን ከሰውነቷ ቶሎ ስለምታስወግድ የበጉን እጥፍ ገደማ ትፈልጋለች። በበጉ መጠን የሰጧት ፍየል ግማሽ ሕክምና ነው ያገኘችው።

ግማሽ ሕክምና ከምንም ይሻላል የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እዚህ ግን አይሻልም። ትል እንደ እኛ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ጂን ይወስዳል። የተለወጠውን ከአንዱ ወገን ብቻ የወረሰ ትል ግማሹ ቱቡሊኑ አሁንም መድኃኒቱን ስለሚይዝ፣ ሙሉ መጠን ሲያገኝ በአብዛኛው ይሞታል። ከሁለቱም ወገን የወረሰው ይተርፋል፤ እሱ ግን መጀመሪያ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። መጠኑ ሲያንስ ያ በግማሽ የወረሰው፣ በቁጥር እጅግ የሚበልጠው፣ አብሮ ይተርፋል። እርስ በርስ ሲራቡ ከአራት ልጆቻቸው አንዱ ከሁለቱም ወገን የወረሰ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሙሉ መጠንም አይመልሰውም። የ34 ኪሎውን በግ በ25 ኪሎ ልክ ማከምም ያው ነው። ሚዛን ከሌለ ሁሉንም በመንጋው ትልቁ ልክ ይስጡ፤ ከመጠን በላይ የሚሆንባቸው ትናንሾቹን፣ በተለይ ያረገዙትን፣ ግን ለይተው።

«አልቤንዳዞል ካልሠራ ፌንቤንዳዞል ልቀይር? ፕራዚኳንቴልስ ብደርብ?» (ከሜክሲኮ)

ፌንቤንዳዞል የሚይዘው ያንኑ ቦታ ስለሆነ ስሙን እንጂ ትሉን አይቀይሩትም። ፕራዚኳንቴል ለኮሶ ዓይነት ጠፍጣፋ ትሎች ነው፤ ሄሞንከስን አይገድልም፣ የጉበት ትልንም አይገድልም። መቀየር የሚባለው በሌላ መንገድ ወደሚሠራ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ጡንቻን ወደሚያሽመደምዱት ሌቫሚሶል ወይም አይቨርሜክቲን መሄድ ነው። እሱንም እንደ ላይኛው በቁጥር ፈትሹት።

«በየሦስት ወሩ ሁሉንም በአንድ ቀን ማከም ጥንቃቄ አይደለም? የታመመውን ብቻ ላክም እንዴ?» (ከአራት ኪሎ፣ ያው ሰው)

አዎ፣ የታመመውን ብቻ። በክረምት ከትሉ የሚበልጠው ሜዳ ላይ በእጭነት ነው ያለው፤ መድኃኒቱ ስለማያገኘው መድኃኒቱን የማይችለው ዘር እዚያ ይቆያል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ እጩ ያልቅና ትሉ ሁሉ በበጎቹ ሆድ ይቀራል። ያኔ አሥራ ስምንቱንም አንድ ቀን ካከሙ፣ የዝናቡን ሜዳ የሚሞሉት ከመድኃኒቱ የተረፉት ልጆች ብቻ ይሆናሉ።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለዚህ የተሠራ ባለ አምስት ቀለም ካርድ አለ። የበጉ የታችኛው የዓይን ሽፋን ተገልብጦ ከካርዱ ጋር ይተያያል፤ 1 ቀይ ነው፣ 5 ወረቀት የመሰለ ነጭ። 4 እና 5 ይታከማሉ፣ ቀዮቹ ይተዋሉ፤ ግልገልና አራስ ሲሆን 3ም ይታከማል። በዝናብ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ማየት ያስፈልጋል። የሚሠራው ደም ለሚመጠው ሄሞንከስ ነው፤ የጉበት ትል ባለበት መንጋ ነጣ ያለ ዓይን ከየትኛው እንደመጣ ስለማይናገር ምርመራው መጀመሪያ ይደረግ።

«ለበዓል የተገዛ በግ ሳይታረድ ተርፎ ከመንጋዬ ጋር ልቀላቅለው ነው። ትል ካለበት?» (ከፒያሳ)

አለበት ብለው ይነሡ፤ የማንን መድኃኒት ተርፎ እንደመጣም አይታወቅም። ለብቻው አስረው ከሁለት የተለያየ ቤተሰብ የሆኑ መድኃኒቶች በሐኪም ልክ ይስጡት፣ ሁለት ቀን ሣር ሳይሆን ድርቆሽ ይብላ፣ በዚያ ጊዜ የጣለውንም ከሜዳው አርቀው ይድፉት። በዐሥራ አራተኛው ቀን ናሙናውን ይዘው ይምጡ። እስከ ውጤቱ ድረስ ሊያርዱት ካሰቡ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ፤ ሥጋው የሚበላበት ቀን እንደ መድኃኒቱ ይለያያል።