መንገድ ላይ መጽሐፍ ለማዳመጥ፦ ኦዲብል፣ ሊቢ ወይስ ሌላ? ጥያቄና መልስ

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወደ ሥራ 50 ደቂቃ፣ ስመለስም 50 ደቂቃ እነዳለሁ። ኦዲብል ልግባ ወይስ በነጻ የሚሆን አለ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሰዓትህን ቁጠር። በቀን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ከሄድክ በወር 35 ሰዓት ገደማ ይሆናል። አንድ መጽሐፍ 10 ሰዓት ቢፈጅ በወር ሦስት ትጨርሳለህ። የኦዲብል ፕሪሚየም ፕላስ በወር 14.95 ዶላር አስከፍሎ የሚሰጥህ አንድ ክሬዲት፣ ማለትም የፈለግከውን አንድ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ጋር በነጻ የሚከፈት ስብስብ ቢኖርም የምትመኘው አዲስ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ዋናው ምንጭህ የላይብረሪ መጽሐፍ በነጻ የሚያዋስህ አፕ፣ ሊቢ ይሁን። የሚጠይቅህ የላይብረሪ ካርድ ብቻ ነው።

የሊቢ ችግር ወረፋው ነው። ግን የሞንጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ ስለሆንክ ከካውንቲህ ካርድ ሌላ የዋሽንግተን ዲሲ ላይብረሪም በነጻ ካርድ ይሰጥሃል። ሁለቱንም ሊቢ ውስጥ አስገባና መጽሐፉን በሁለቱም ፈልግ፤ አንዱ ጋ ወራት የሚያስጠብቀው ሌላው ጋ በሁለት ሳምንት ሊደርስ ይችላል። ተራህ ደርሶ ጊዜ ከሌለህ Deliver Later የሚለውን ንካ፤ ቦታህን ሳታጣ ለሌላ ጊዜ ይገፋልሃል። የውሰት ጊዜው ብዙውን ጊዜ 21 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ አንተ 25 ሰዓት ታዳምጣለህ፤ በአንዴ ከሁለት መጽሐፍ በላይ አትውሰድ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ የሊቢ ቀን ሲያልቅ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግ ነው። መጽሐፉ አይሄድም፤ እኔ ሁሌ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ግማሹ ትክክል ነው። ወደ ኪንድል መሣሪያ ለተላከ የሚነበብ መጽሐፍ ይሠራል፤ ዋይፋዩ እስካልተከፈተ ድረስ መጽሐፉ እዚያው ይቆያል። ሊቢ ውስጥ ያለ የሚደመጥ መጽሐፍ ግን የመመለሻ ቀኑን አፑ ራሱ ያውቀዋል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይዘጋል። ሳይሞላ Renew በል። የሚጠብቅ ሰው ካለ እንደገና ወረፋ ያዝ፤ መጽሐፉ ሲመለስ ካቆምክበት ቦታ ይቀጥላል።

ከለገጣፎ፦ አውርጄዋለሁ ብዬ ታክሲ ውስጥ እገባለሁ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ይቆማል። ስልኬ ነው ችግሩ?

እህቴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ስልኩ አይደለም፤ መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ አልወረደም። የምትሰሚው ምዕራፍ ትንሽ ቀድሞ ስለሚጫን የወረደ ይመስላል። ማታ ቤት እያለሽ ሞክሪው፦ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊ፣ ዋይፋዩም መዘጋቱን እዪ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሄደሽ አጫውቺ። እዚያ ድምፅ ከወጣ ሙሉው ገብቷል። ካልወጣ መልሰሽ አውርጂ፣ እስኪጨርስም አፑን ክፍት ተይው። አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከኋላ የሚወርደውን ያቋርጣሉና ለአፑ የባትሪ ገደቡን አንሺለት።

ወጪ ለመቀነስና እንግሊዝኛ ለማዳመጥ ሊብሪቮክስ ይሻልሻል። ካርድም ክፍያም አይጠይቅም፤ የሚወርደውም ተራ ኤምፒ3 ስለሆነ ያንቺው ሆኖ ይቀራል። በ64 ኪሎቢት የተቀዳ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ 10 ሰዓቱ 290 ገደማ ነው። ያሉት መጻሕፍት የባለቤትነት መብታቸው ያበቃ የድሮ ሥራዎች ናቸው። አንባቢዎቹም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ምዕራፉ በተቀየረ ቁጥር ድምፅ የሚቀየርበት ስላለ በአንድ ሰው የተነበበውን ምረጪ። ደግሞ በሙዚቃ ማጫወቻ አትክፈቺው፤ ያቆምሽበትን ይረሳል። Smart AudioBook Player ያስታውሳል፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱን ፎልደር ስጪው።

ከሪያድ፦ እኔ የአማርኛ መጽሐፍ በፒዲኤፍ አለኝ። ሊቢ ላይ ጭኜው ያንብብልኝ?

አይሆንም። ሊቢ ላይብረሪው የገዛውን ብቻ ያጫውታል፤ የራስህን ፋይል አይቀበልም። ፒዲኤፉ ደግሞ በስካን የተነሳ ከሆነ ለስልኩ ፎቶ ነው፤ በጽሑፍ አንባቢ ድምፅም አይነበብም። በአማርኛ የተተረከ ከፈለግህ ተራኪ የሚባለውን አፕ እይ። ኦዲብል ላይ አማርኛ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለእሱ ብለህ አትመዝገብ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ኦዲብልን ለአንድ ሁለት ወር ብቻ ብይዘው? ሳቋርጥ የገዛሁት ይጠፋል?

በክሬዲት የወሰድከው አይጠፋም፤ ሳትከፍልም ታዳምጠዋለህ። የሚጠፉት ያልተጠቀምክባቸው ክሬዲቶችና በአባልነት የተከፈተልህ ስብስብ ናቸው። ከማቋረጥህ በፊት ክሬዲቱን ጨርስ። ሊቢ ላይ ወረፋው በጣም ረጅም ለሆነ መጽሐፍ አውለው።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ስፖቲፋይ ፕሪሚየም ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ለምን ይደክማል? 15 ሰዓት በወር አብሮ ይሰጣል።

ለሲልቨር ስፕሪንጉ ወንድማችን መንገድ 15 ሰዓት በዘጠኝ የሥራ ቀን ያልቃል። አልፎ አልፎ ለሚያዳምጥ ግን ያንተ ምክር ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን እንደየመንገዱ ርዝመት ነው የማየው።